ሦስት ዘዴ፣ ሦስት መልስ፦ የሌንሱ የትኩረት ርቀት የቱ ነው?

«የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ላብ ነው። የአንድ አሰባሳቢ ሌንስ የትኩረት ርቀት በሦስት ዘዴ ለካን። በሩቅ ዕቃ (በመስኮት የሚታይ፣ 6 ሜትር ያህል የሚርቅ ዛፍ) 15.6፣ በ u-v ዘዴ (u = 25.0፣ v = 38.6) 15.2፣ በቤሰል ዘዴ (D = 80.0፣ d = 39.8) 15.05 ሴ.ሜ. ወጣ። ማስመሪያው በሚሊሜትር ስለሆነ ለሁሉም ±0.05 ጻፍኩ። ሪፖርቱ ‹ውጤቶችህ እርስ በርስ አይስማሙም› ተብሎ ተመለሰልኝ። ካርቶኑ ላይ 15 ይላል። አማካይ ልውሰድ? የቱን ልጣል?»

ወንድሜ፣ አማካይም አትውሰድ፣ ምንም አትጣል። የለካሃቸው ቁጥሮች ደህና ናቸው። ጉድ የሠራህ ያ ±0.05 ነው። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ጽፌ ተመልሶብኛል። በኋላ ላብ አሲስታንት ስሆን ደግሞ በየሴሚስተሩ በሌሎች ሪፖርት ላይ አገኘው ነበር።

±0.05 የሚነግርህ የማስመሪያውን መስመር ምን ያህል አጥርተህ እንደምታነብ ብቻ ነው። እዚህ ሙከራ ላይ የሚከብደው ግን ማንበቡ አይደለም። «ምስሉ አሁን ጠራ» ብሎ መወሰኑ ነው። ስክሪኑን ጥቂት ሚሊሜትር ወደፊት ብትገፋው ምስሉ ያው ነው፣ ዓይንህ ልዩነቱን አያይም። ስለዚህ መለካት ያለብህ ያንን ክልል ነው። ስክሪኑን ከሌንሱ እያራቅህ ሂድና ምስሉ መጥራት የጀመረበትን ቦታ ጻፍ። እለፈውና መደብዘዝ የጀመረበትንም ጻፍ። ከዚያ ከሩቅ ወደ ቅርብ እያመጣህ ድገመው። እንዳንተ ባለ ሌንስና ርቀት እኔ ስሠራው ከ38.1 እስከ 39.1 ድረስ ጥርት እንዳለ ነበር። እንግዲህ v፣ ማለትም ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ ያለው ርቀት፣ 38.6 ± 0.5 ነው። ከጻፍከው አሥር እጥፍ! ስትደግመው ማስመሪያውን ጓደኛህ ያንብብልህ፣ አንተ ምስሉን ብቻ እይ። አንዴ ቁጥሩን ካየኸው እጅህ ሳታውቀው እዚያው ይመለሳል።

አሁን ይህ ወደ ትኩረት ርቀቱ f እንዴት እንደሚሻገር እንይ። u ከዕቃው እስከ ሌንሱ ያለው ርቀት ነው።

```
f  = uv/(u+v)
Δf = sqrt( [(v/(u+v))² Δu]² + [(u/(u+v))² Δv]² )
```

ባንተ ቁጥር የ v ስህተት በ0.15 ይባዛል፣ የ u ደግሞ በ0.37። የ v 0.5 ሴ.ሜ. f ላይ ሲደርስ 0.08 ብቻ ይሆናል። ለ u 0.2 ብንሰጠው 0.07 ያመጣል። ሁለቱ ተደምረው (በካሬ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት) 0.1 ያህል ይሆናሉ። ውጤትህ 15.2 ± 0.1 ነው። የ u 2 ሚሊሜትር የ v 5 ሚሊሜትርን ያህል ከበደ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ግን ለ v ብቻ ነው።

ለ u 0.2ን ከየት አመጣኸው ትለኝ ይሆናል። ከሌንስ መያዣው ነው። መያዣው እግሩ ላይ ማስመሪያውን የሚያመለክት ምልክት አለው። የሌንሱ መሃል በትክክል ከዚያ ምልክት በላይ ነው ያለው ማነው? እኔ ከሠራሁባቸው መያዣዎች አንዱ 3 ሚሊሜትር ወደ ጎን የሄደ ነበር። ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ከሰዓት ስሌቴን ስፈትሽ አባከንኩ። መያዝ ቀላል ነው። የሩቅ ዕቃ ምስል ስክሪን ላይ አጥራ፣ ከምልክቱ እስከ ስክሪኑ ለካ። ከዚያ መያዣውን እንዳለ ፊቱን አዙረህ ድገም። ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ የልዩነታቸው ግማሽ የመያዣው ስህተት ነው።

ሦስቱ ዘዴዎች በእውነት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በሩቅ ዕቃ ዘዴ ይህ የመያዣ ስህተት ሳይቀነስ f ውስጥ ይገባል፤ 3 ሚሊሜትር ከሆነ f በ3 ሚሊሜትር ይስታል። በ u-v ዘዴ አንዱን ርቀት ሲያስረዝም ሌላውን ስለሚያሳጥር ባንተ ቁጥር አንድ አምስተኛው ብቻ ይቀራል። u እና v እኩል ቢሆኑ ጨርሶ ይጠፋ ነበር። በቤሰል ዘዴ ደግሞ ዕቃውና ስክሪኑ በ D ርቀት ተተክለው ሌንሱ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ምስሉም ሁለት ቦታ ላይ ይጠራል። d ማለት ሌንሱ ከመጀመሪያው ቦታ ወደ ሁለተኛው የሄደው ርቀት ነው። ምልክቱ የተዛነፈ ቢሆንም ሁለቱም ቦታ ላይ እኩል የተዛነፈ ስለሆነ ሲቀናነስ ይጠፋል። ዘዴው የሚወደደው በዚህ ነው።

የቤሰልን ስሌት ልጨርስልህ።

```
f  = (D² - d²)/4D = (6400 - 1584)/320 = 15.05
```

የ d ስህተት በ d/2D ይባዛል፣ ማለትም በ0.25። ለ d 0.3፣ ለ D 0.1 ብትሰጥ f ± 0.08 ይወጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ D ከ4f ማነስ የለበትም። 55 ሴ.ሜ. ላይ ስክሪን ተክለው ግማሽ ሰዓት ምስል ሲፈልጉ ያገኘኋቸው ልጆች ነበሩ። አይገኝም! ከ60 ትንሽ ብቻ ሲበልጥ ደግሞ ሁለቱ የጠሩ ቦታዎች ተቀራርበው ይደባለቁብሃል። 80 ጥሩ ምርጫ ነው።

የቀረው ያ 15.6 ነው። 6 ሜትር ላይ ያለ ዛፍ ለ15 ሴንቲ ሜትር ሌንስ «ሩቅ» አይደለም። ምስሉ የሚያርፈው f ላይ ሳይሆን ከ f በ f²/u ያህል አልፎ ነው። 225 ለ600 ሲካፈል 0.4 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። በትክክል ስታሰላው፦

```
1/f = 1/15.6 + 1/600   →   f = 15.2
```

የዛፉን ርቀት በግምት ብታስቀምጠውም ብዙ አይጎዳህም። 5 ወይም 7 ሜትር ቢሆን f የሚለወጠው ከ1 ሚሊሜትር ባነሰ ነው። የምስሉ ክልልና መያዣው ግን አሉ። እኔ ብሆን 15.2 ± 0.3 እለው ነበር።

እንግዲህ 15.2 ± 0.3፣ 15.2 ± 0.1 እና 15.05 ± 0.08 ሆኑ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ልዩነት 0.15 ነው፣ የልዩነቱ ኧንሰርተንቲ ደግሞ 0.13። ይስማማሉ። ዲስከሽን ላይ ይህንን ጻፍና የቤሰሉን ዋና ውጤት አድርገህ አቅርብ፤ ምክንያቱን ከላይ አይተኸዋል። የ0.5፣ የ0.2 እና የ0.3 ግምቶቼን ግን እንዳሉ አትገልብጥ። ገብተህ ክልሉን ራስህ ለካ፣ ያንተ መብራትና ስክሪን ሌላ ነው።

ስትገባ ደግሞ የምስሉን ጠርዝ ቀለም እይ። ነጭ መብራት ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ቀላ ያለ፣ ትንሽ ራቅ ሲል ሰማያዊ ያለ ጠርዝ ታያለህ። በተለመደ የብርጭቆ ሌንስ የቀይና የሰማያዊ ብርሃን f በስድሳኛ ገደማ ይለያያል። ላንተ ሌንስ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ነው፣ ከቤሰሉ ±0.08 ይበልጣል። አንዱ በቀይ ጠርዝ፣ ሌላው በሰማያዊ ጠርዝ «ጠራ» ካለ ውጤታችሁ ይለያያል። ቀይ ወይም አረንጓዴ ፊልተር መብራቱ ፊት ብታደርግ ይገላገላል። ከሌለ ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይወስን። ሌንሱን ቀዳዳ ባለው ካርቶን መሸፈን ምስሉን ያጠራዋል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ግን የጠራውን ክልልም ያሰፋብሃል፣ ስለዚህ እኔ አልወደውም።

ካርቶኑ ላይ ያለው 15 የሻጩ የተጠጋጋ ቁጥር ነው። እሱን «ትክክለኛ ዋጋ» ብለህ የፐርሰንት ኧረር አታስላ።