ጾሙን ለሁሉም፣ ጥብሱን ለብቻ

«ቅዳሜ ማታ ስምንት ሰው እራት ጠርቻለሁ። አንዷ ቪጋን ናት፣ አንዱ ግሉተን አይበላም፣ የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ሥጋ ካልቀረበለት በላሁ አይልም። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ምን ልሥራ?»

እህቴ፣ የጾም ምግብ ሥሪ። ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የቲማቲም ሰላጣ። ስምንቱም ይበሉታል። ሥጋው አንድ ዓይነት ብቻ ይሁን፣ እሱም ጥብስ።

ለቪጋኗ ዓሣ «ጾም ነው» ብለሽ እንዳታቀርቢ። እሷ ዓሣም፣ ማርም አትበላም። ስለዚህ ጠጅ ለሷ አይሆንም። ቅቤውም ከጥብሱ ድስት አይውጣ።

ዋናው ጣጣ እንጀራው ነው። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም። አሜሪካ የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታል። በመልኩ አትለዪውም፤ ነጭ ጤፍም አለ፣ ሩዝ የተቀላቀለበትም አለ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቢ፣ ካልተጻፈ ጋጋሪዋን «ምን ገባበት?» በያት። ቤት የምትጋግሪ ከሆነ ደግሞ እርሾውን አስቢ። ከጎረቤት የመጣ እርሾ ከገብስ ሊጥ የተረፈ ሊሆን ይችላል። የጤፍ ዱቄትና ውኃ ብቻ አቡክተሽ ሦስት አራት ቀን ብታቆዪው ራሱ ይቦካል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምሪ። ሰውየውንም ቀድመሽ ጠይቂው። ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን የሚያስነሣው የአንጀት ሕመም ካለበት ትንሽ ፍርፋሪም ትጎዳዋለች፣ ምጣዱም ንጹሕ መሆን አለበት። እንዲሁ የሚከብደው ከሆነ ግን ይህን ያህል አትጨነቂ።

ምስሩን ዓርብ ሥሪው፣ አድሮ ይጣፍጣል። ለሦስት ኩባያ ምስር አራት ትልልቅ ሽንኩርት ደቃቅ አድርገሽ ክተፊ። መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላዪው፣ ውኃው ሲመጥ ዘይት ጨምሪ፣ ከዚያ በርበሬውን። ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረግሽ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቁላ። ይሄን ካሳጠርሽው በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ቅቤ ስለሌለው ደግሞ የሚሸፍንለት የለም። የሾርባ ኩብ አትጨምሪ፤ አንዳንዱ ስንዴ፣ አንዳንዱ የሥጋ መረቅ አለበት።

ጥብሱ ከሁሉም መጨረሻ ይሠራ፣ እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ። አንድ ኪሎ ተኩል ሥጋ ይበቃል። ብረት ድስቱን በደንብ አግይው፣ ሥጋውን በሁለት ሦስት ዙር ክተቺ። አንዴ ከሞላሽው ውኃ ያወጣና ይቀቀላል፤ ጩኸቱ ዝም ካለ ያው በዝቷል ማለት ነው። ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠልና ቅቤ በስተመጨረሻ።

አንድ ትሪ ላይ ሁሉንም አትዘርጊ። አውቃለሁ፣ አብሮ መቁረስ ደስ ይላል፤ ግን የጥብሱ ቅባት ወደ ሽሮው ይሄዳል። ወጡን በየሳህኑ አድርገሽ ለየብቻው ማንኪያ አስቀምጪ፣ ጥብሱ ከአማቹ ፊት ይሁን።

ቢራና ጠላ ገብስ አለባቸው፣ ወይን ይሻላል። ለቡናው ቆሎና ዳቦውን ተዪና ፈንዲሻ አፈንጂ፣ በዘይት።