ስንት ብር፣ በስንት ድርሻ?

ለወጣት ነጋዴዎች፣

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ብዙ ዓመት የሰው መዝገብ ሳገላብጥ ኖሬ፣ አሁን አሁን ወጣቶች ሥራቸውን ለኢንቨስተር ሲያቀርቡ ከጎን ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ስለ ምርታቸው ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራል። "ስንት ትፈልጋላችሁ? በስንት በመቶ?" ሲባሉ ግን ድምፃቸው ይወርዳል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህች ጥያቄ ነው።

አንዲት ልጅ አለች። ከጓደኛዋ ጋር ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ፣ አሽጋ ለሱቆችና ለሱፐርማርኬቶች ታስረክባለች። በወር 400 ሺህ ብር ትሸጣለች። መድረክ ላይ ወጥታ "10 ሚሊዮን ብር እፈልጋለሁ፣ 10 በመቶ ድርሻ እሰጣለሁ" አለች። አንዱ ኢንቨስተር "ለምን 10 ሚሊዮን?" አላት። "ለማስፋፋት" አለች። ሰውዬው ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተነገረውን ሁሉ የሰማት አይመስለኝም።

በሳምንቱ ደብተሯን ይዛ ቢሮዬ መጣች። 10 በመቶውን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኳት። ስልኳ ላይ ካየቻቸው የውጭ ፕሮግራሞች ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሪንግ የሚባለውን የበር ደወል የሠራው ሰው በ2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቴሌቪዥን ቀርቦ 700 ሺህ ዶላር ለ10 በመቶ ጠይቋል። ሳይስማማ ወጣ። በ2018 አማዞን ድርጅቱን ገዛው። ታሪኩ እውነት ነው። ግን የእሱ 10 በመቶ የወጣው ከእሱ ሽያጭ፣ ከእሱ ገበያ ነው። ለሽሮ ንግድ ምንም አይነግረንም።

ስለዚህ ድርሻውን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ ብሩን ፈልጉ አልኳት። ብሩ ያለው ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ሳይሆን የወር መቁጠሪያ ላይ ነው።

አንድ ወረቀት አሥራ ሁለት መስመር አድርገን አሰመርን። ለእያንዳንዱ ወር አንድ መስመር። በአንድ በኩል በዚያ ወር በእርግጥ እጇ የሚገባው ብር፣ በሌላው በኩል የሚወጣው፣ ዳር ላይ ደግሞ ተደማምሮ የደረሰበት። የሚገባው የምላችሁ የተሸጠው አይደለም። ሱፐርማርኬት ዛሬ ዕቃ ተረክቦ የሚከፍላት በ45 ቀን ነው። የበርበሬ ገበሬ ወይም ነጋዴ ግን በዱቤ አይሰጣትም። በዚያ ላይ በርበሬ የሚገዛው በሚሰበሰብበት ወቅት፣ ዋጋው ሲረክስ ነው። ያን ጊዜ ያላከማቸ ክረምት ላይ በውድ ይገዛል። እንግዲህ ገንዘቧ ወጥቶ ተመልሶ እስኪመጣ ረጅም መንገድ ይሄዳል።

ሞላነው። በመጀመሪያው ወር ወፍጮና ማሸጊያ ማሽን 1.2 ሚሊዮን ብር ይወስዳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ለበርበሬና ለሽሮ እህል 1.1 ሚሊዮን ይወጣል። ደመወዝ፣ ኪራይ፣ መብራትና ማጓጓዣ ደግሞ ከሱፐርማርኬቶቹ ከሚሰበሰበው በልጦ እስከ አምስተኛው ወር ድረስ በድምሩ 700 ሺህ ያጎድላል። ከስድስተኛው ወር ጀምሮ የሚገባው ከሚወጣው ይበልጣል። ከመስመሮቹ ሁሉ ጥልቁ አምስተኛው ነው። እዚያ ላይ 3 ሚሊዮን ጎድሏታል። መጠየቅ ያለባት ብር መነሻው ይህ ነው፤ የጉድጓዱ ጥልቀት።

ግን ጉድጓዱን በልኩ ብቻ የሚሞላ ሰው ይሰምጣል። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቅኳት። ሱፐርማርኬቶቹ በ45 ቀን ፋንታ በ75 ቀን ቢከፍሉስ? 600 ሺህ ተጨማሪ ይጎድላል። ማሽኑ ገብቶ የስሪ ፌዝ መብራት ሁለት ወር ቢዘገይስ? ሳያመርቱ የሚከፈለው ኪራይና ደመወዝ 400 ሺህ ነው። ሁለቱንም ደመርን። 4 ሚሊዮን ሆነ። 10 ሚሊዮኑ እዚህ ላይ ቀረ። አሁን "ለምን 4?" ብትባል ወረቀቷን ማሳየት ትችላለች።

ቀጥሎ ዋጋው። መዝገቧ የዓመት ትርፍ 960 ሺህ ይላል። "እናንተስ ስንት ትከፈላላችሁ?" አልኳት። ዝም አለች። ሁለቱም ደመወዝ የላቸውም። በወር ለእያንዳንዳቸው 15 ሺህ ብንመድብ በዓመት 360 ሺህ ይሆናል። እውነተኛው ትርፍ 600 ሺህ ነው ማለት ነው። ይህን ኢንቨስተሩ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል። እሱ ከሚያገኝባችሁ ራሳችሁ ብትነግሩት ይሻላል፤ ሌላውን ቁጥራችሁንም ያምናል።

አሁን የመጀመሪያ ጥያቄዋን በሰውዬው ዓይን እዩት። 10 በመቶ ማለት በዛሬው ትርፍ በዓመት 60 ሺህ ብር ነው። 10 ሚሊዮኑን በዚህ ለመመለስ ከ166 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ብዕሩን ያስቀመጠው ለዚህ ነው።

እርግጥ እሱም የሚገዛው የዛሬውን ትርፍ አይደለም፤ የነገውን ነው። ስለዚህ ከኋላ ጀምሮ ያሰላል። የልጅቷ ዕቅድ፣ የዋጋ ንረቱንም ጨምሮ፣ በአምስተኛው ዓመት ትርፉ 8 ሚሊዮን ይሆናል ይላል። እንዲህ ያለ ድርጅት ያን ጊዜ በዓመት ትርፉ ስድስት እጥፍ ቢሸጥ 48 ሚሊዮን ያወጣል እንበል። ሰውዬው 4 ሚሊዮኑ በአምስት ዓመት ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 12 ሚሊዮን እንዲሆንለት ይፈልጋል። 12 ለ48 ሲካፈል ሩብ ነው። 25 በመቶ።

ታዲያ ዕቅዱን ባያምነውስ? "8 ሳይሆን 6 ሚሊዮን ነው የምታተርፉት" ብሎ ቢቆርጠው፣ ድርጅቱ 36 ሚሊዮን ያወጣል፤ የሚጠይቃችሁም 33 በመቶ ይሆናል። ልብ በሉ። በመቶኛው ላይ የምትከራከሩ ይመስላችኋል እንጂ ክርክሩ ያለው እዚያች 8 ሚሊዮን ላይ ነው። ስለዚህ "25 ይበዛል" እያላችሁ አትጨቃጨቁ። ሁለት ተጨማሪ ሱፐርማርኬቶች የጻፉላችሁን ትዕዛዝ አውጡ። ማሽኑ በቀን ስንት ኩንታል እንደሚፈጭ አሳዩ። ያቺ ቁጥር ከታመነች በመቶኛው ራሱ ይወርዳል።

ሒሳቡን ስንጨርስ ልጅቷ ደስ ብሏት አንድ መስመር ጻፈች። "ድርጅታችን ዛሬ 12 ሚሊዮን ይገመታል። 4 ሚሊዮን እንፈልጋለን። ስለዚህ 33 በመቶ።" ብዕሯን ያዝኩት። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም። 12 ሚሊዮኑ የመጣው ከዚያው ከ25 በመቶው ነው፤ 4 ሚሊዮን ሩብ ከሆነ ሙሉው 16 ነው፣ የሚገባው 4 ሲቀነስ 12 ይቀራል። ስለዚህ ብሩ ከመግባቱ በፊት ያለው ዋጋ ነው፤ ፕሪ መኒ የሚሉት። 4 ሚሊዮኑ ሲገባ ድርጅቱ 16 ሚሊዮን ይሆናል፤ ይህ ፖስት መኒ ነው። የኢንቨስተሩ ድርሻ የሚሰላው ከ16ቱ ነው። 4 ለ16፣ 25 በመቶ። በአንድ መስመር ሒሳብ የተነሳ 8 በመቶ ሊሄድባት ነበር። ኢንቨስተር ሁሉ ደግሞ አያርማችሁም። "እሺ፣ ተስማምተናል" የሚል አለ። "12 ሚሊዮን ይገመታል" የሚል ቃል ከአፋችሁ ሲወጣ "በፊት ነው በኋላ?" የሚለውን አብራችሁ ተናገሩ። ስምምነት ስትፈርሙም ቃሉ በጽሑፍ መስፈሩን እዩ።

25 በመቶው ግን አሁንም ከብዷት ነበር። እኔም ከብዶኛል። እዚህ ላይ ብዙ ወጣት የሚዘለው አንድ ነገር አለ። 4 ሚሊዮኑ ሁሉ በድርሻ መምጣት አለበት ወይ? በርበሬው፣ የዘገየው ክፍያ፣ የመብራቱ ጣጣ፣ እነዚህ አደጋ ያለባቸው ስለሆኑ አደጋውን የሚጋራ ሰው ይፈልጋሉ። ወፍጮው ግን ብረት ነው። ቢከስሩ ይሸጣል። ለእንዲህ ያለ ዕቃ የልማት ባንክም፣ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋማትም የሊዝ አገልግሎት አላቸው፤ ማሽኑን እነሱ ይገዙላችኋል፣ እናንተ እየሠራችሁበት ቀስ በቀስ ትከፍላላችሁ። ማሽኑ ራሱ ዋስትና ይሆናል። 20 በመቶ ከራሷ ብታዋጣ ከ1.2 ሚሊዮኑ 960 ሺህ የሚሆነው ከጥያቄዋ ይወጣል። እስከ አምስተኛው ወር የምትከፍለውን የሊዝ ክፍያ መልሰን ስንደምር የምትፈልገው 3.2 ሚሊዮን ሆነ። በዚያው በ12 ሚሊዮን ዋጋ ድርሻው ከ25 ወደ 21 በመቶ ወረደ። የሊዙ ወለድ ትርፏን ትንሽ ይቀንሰዋል፤ አልደበቅኳትም። ግን ወለድ በአምስት ዓመት ያልቃል። የሰጡት ድርሻ ዝም ብሎ አይመለስም።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። በወጣትነቴ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የማተሚያ ሥራ ጀምረን ነበር። ለመጀመሪያው ብር 45 በመቶ ሰጠን። ያን ጊዜ ብሩ ብቻ ነበር የታየን። በሁለተኛው ዓመት ትልቅ ማሽን ለመግዛት ሌላ ባለሀብት ጋ ሄድን። ሰውዬው ሥራችንን ወደደው። የድርሻ ዝርዝራችንን ሲያይ ግን ፊቱ ተለወጠ። "እኔ 25 በመቶ ብወስድ ለሦስታችሁ የሚቀረው 41 ገደማ ነው። ሌሊት ተነስታችሁ የምትሠሩት ለማን ነው?" አለን። አልገባም። ሥራውም ከዚያ አልዘለለም። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ድርሻ ስትወስኑ ሁለተኛውን ዙር አብራችሁ አስሉት። የእሷን አሰላነው። ዛሬ 21 ሰጥተው ለሁለቱ 79 ይቀራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ 20 በመቶ ቢሰጡ የሁሉም ድርሻ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል፤ የእነሱ 63 ገደማ ይሆናል። ውሳኔው አሁንም በእጃቸው ነው። 45 ሰጥተው ቢጀምሩ ኖሮ 44 ላይ ይወርዱ ነበር።

ወደ ሁለተኛው አቀራረብ ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ማታ ሁለቱንም አስቀምጬ አንድ ነገር አስጻፍኳቸው። የሚጠይቁት፣ 3.2 ሚሊዮን ለ20 በመቶ። ከዚያ በላይ የማይሄዱበት ጣሪያ፣ 25 በመቶ። ጓደኛዋ 30ም ቢሆን እሺ ይል ነበር፤ እሷ 22 ነበር ያለችው። ያ ክርክር መድረክ ላይ ሳይሆን ማታውኑ እኔ ቢሮ አለቀ። ሁለቱም ፈረሙበትና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ያ ብዕሩን ያስቀመጠው ኢንቨስተር እዚያው ነበር። "3.2 ሚሊዮን ለ20 በመቶ፤ ብሩ ከገባ በኋላ በ16 ሚሊዮን ዋጋ" አለችው። "ለምን 3.2?" አላት። ደብተሯን አምስተኛው ወር ላይ ገልጣ አቀበለችው። ረጅም ጊዜ አየው። "ሱፐርማርኬቶቹ በ75 ቀን ቢከፍሉስ?" ብሎ ጠየቀ። "እሱም ውስጡ አለ" አለችና ጣቷን 600 ሺህዋ ላይ አደረገች። በ23 በመቶ ተስማሙ።