ለተቀጠራችሁ ልጆች፦ ከባንኩ መልእክት በፊት ስሊፑን አንብቡ

ልጆቼ፣

አንዲት ወጣት ሰሞኑን የደመወዝ ስሊፗን ይዛ መጣችና እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ስምንት ሰዓት ኦቨርታይም ሠርቼ 692 ብር ተጻፈልኝ። ባንክ የገባልኝ ግን ካለፈው ወር የሚበልጠው በ450 ብር ብቻ ነው። ጓደኞቼ ‹ታክሱ እርከን ዘልሎ ደመወዝሽን በሙሉ በልቶታል፤ ኦቨርታይም አትሥሪ› ይሉኛል።» ይህንን ወዲያው አስረድቼ ልሸኛት ስል፣ አለቃዋ «መሠረታዊ ደመወዝሽን ቀንሰን አበልሽን እንጨምርልሽ፤ እጅሽ የሚገባው ከፍ ይላል» እንዳላት አነሳች። ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ ይህ ሁለተኛው ነገር ነው። መጀመሪያ ግን ስሊፑን እንየው።

መሠረታዊ ደመወዟ 12,000፣ የቤት አበሏ 2,000፣ የትራንስፖርት አበሏ 600 ብር ነው። የኦቨርታይሙ ስሌት እንዲህ ነው። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው ወሩ በአማካይ 208 ሰዓት ይሆናል። 12,000 ለ208 ሲካፈል የሰዓቱ ዋጋ 57.69 ብር ነው። በአዘቦት ቀን፣ ከሌሊቱ ሰዓት ውጭ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል። ስለዚህ ስምንቱ ሰዓት 692.31 ብር ይሆናል። ልብ በሉ፤ ስሌቱ የተነሣው ከ12,000 ነው፣ አበሎቹ አልገቡበትም። ሁሉም ሲደመር ያልተጣራው ክፍያ 15,292.31 ብር ነው።

ቀጥሎ ታክሱ። የትራንስፖርቱ 600 ብር ከታክስ ነፃ በሆነው ጣሪያ ውስጥ ስላለ ይወጣል። የቤት አበል ግን ስሙ አበል ስለሆነ ብቻ ከታክስ አያመልጥም። ስለዚህ ታክስ የሚሰላበት 14,692.31 ብር ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። እርከን ማለት ደረጃ ነው፤ ላይኛውን ስትረግጡ የታችኛው አይፈርስም። 35 በመቶው ያረፈው ከ14,000 በላይ በሆነው 692.31 ብር ላይ ብቻ ነው፤ እሱም 242.31 ብር ነው። ቀሪው 450 ብር ሙሉ በሙሉ እጇ ገብቷል።

ሒሳብ ክፍሎች ይህን በአቋራጭ ይሠሩታል፦

```
14,692.31 × 35% − 2,050 = 3,092.31
```

ያቺ 2,050 ታችኞቹ እርከኖች አነስተኛ መጣኔ ስላላቸው የምትመለስ ማስተካከያ ናት። ስሊፕ ላይ አትታይም። አንድ ሰው ረስቷት ቢያሰላ ግን ታክሱ ከ5,000 ብር በላይ ስለሚወጣ፣ ግዙፍ ታክስ ስታዩ መጀመሪያ እሷን ጠርጥሩ።

ጡረታው 840 ብር ነው፤ የ12,000 ሰባት በመቶ። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 1,320 ብር ይጨምርበታል። ይህ አንዳንዴ ለመረጃ ተብሎ ስሊፑ ላይ ስለሚታተም ከእናንተ የተቆረጠ ሊመስል ይችላል። ከደመወዛችሁ ላይ መቀነስ የለበትም፤ ተቀንሶ ካገኛችሁት ስህተት ነው። የጡረታ መዋጮ ታክስ ከመሰላቱ በፊት እንደማይቀነስም እወቁ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሒሳቡ አልገጥም ይለዋል። እንግዲህ ከ15,292.31 ላይ ታክሱንና 840 ብሩን ስትቀንሱ 11,360 ብር ይቀራል። ባንክ የገባላትም ይኸው ነው።

አሁን ወደ አለቃዋ ሐሳብ። መሠረታዊው 8,000 ይሁን፣ 4,000ው ወደ ቤት አበል ይዙር ነው የተባለችው። ታክሱ ላይ ለውጥ የለም፣ የቤት አበል ይታከስበታልና። ጡረታዋ ግን ከ840 ወደ 560 ይወርዳል፤ በየወሩ 280 ብር «ታተርፋለች»። አሠሪው ደግሞ 440 ብር ይተርፈዋል። እሱን ማንም አልነገራትም።

ይህን ስትናገር አንዲት ልብስ ሰፊ ትዝ አለችኝ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመዘገቡት አንዷ ነበረች። በየዓመቱ ጭማሪ ሲመጣ አበሏ ላይ ይታከልላታል እንጂ መሠረታዊዋ አይነካም። ደስተኛ ነበረች፤ እጇ የሚገባው ከጎረቤቷ ስለሚበልጥ ለጎረቤቷም ትመክር ነበር። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት መሠረታዊዋ 6,000፣ አበሏ 4,000 ብር ነበር። 60 ዓመት ሞልቷት በ12 ዓመት አገልግሎት ስትወጣ ስሌቱ መጣ። ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፤ በድምሩ 32.5 በመቶ። ይህ የሚባዛው ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ መሠረታዊ ደመወዝ ነው። 1,950 ብር ሆነ። ሙሉው 10,000 መሠረታዊ ቢሆን ኖሮ 3,250 ይሆን ነበር።

ወረቀቱን አገላብጣ «አሥር ሺህ አይደለም እንዴ ደመወዜ?» አለች። የጡረታው ሠራተኛ ስሊፗን አስወጥቶ በጣቱ ጡረታ የሚለውን መስመር አሳያት፦ 420 ብር። ከ6,000 ሰባት በመቶ። በየወሩ ቦርሳዋ ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ቁጥር ነው። ፔሮሉን በየወሩ እሠራ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እንኳ መስመሩን አላሳየኋትም።

የዛሬ ልጆች ከእሷ የባሰ ልማድ አላችሁ። የባንኩ መልእክት ስልካችሁ ላይ ጢን ሲል ታዩና በዚያው ታበቃላችሁ፤ ስሊፑን ግን አትጠይቁም። እሷ እንኳ ወረቀቱን አጥፋ ታስቀምጠው ነበር። በሌላ በኩል እናንተ ደፍራችሁ ትጠይቃላችሁ፤ በእኛ ጊዜ ሒሳብ ክፍል ገብቶ «ይህ ምንድን ነው?» ማለት እንደ ነገረኛ ያስቆጥር ነበር።

ለወጣቷም ኦቨርታይሙን አሰላንላት። መሠረታዊው 8,000 ሲሆን ያው ስምንት ሰዓት 461.54 ብር ብቻ ያስገኛል። ከታክስ በኋላ 150 ብር ይጎድልባታል። ስለዚህ እንዲህ በሠራችበት ወር ከ280ው «ትርፍ» የሚቀራት 130 ብር ነው። የሥራ ስንብት ክፍያም ከደመወዝ እንጂ ከአበል አይሰላም። እርግጥ ዕዳ የተጫነው ሰው 280 ብሩን ቢፈልገው አልፈርድበትም፤ ምን እንደሸጠ ካወቀ ይሽጥ።

ስለ ብድር፣ ዕቁብና የመቅረት ቅናሽ ብዙ አልልም፤ የፈረማችሁትን ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ቅናሽ ካለ በጽሑፍ ጠይቁ። አሠሪ በአንድ ጊዜ የሚቀንሰው ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ እንደሌለበት የሠራተኛ አዋጁ ይናገራል።

አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ስሊፑ ላይ ጡረታ የሚለውን ቁጥር ለ7 አካፍሉና በ100 አባዙት። 840 ከሆነ 12,000 ይወጣል፤ 560 ከሆነ 8,000። የወጣውን ከቅጥር ውላችሁ ጋር አስተያዩት። ከውሉ ካነሰ፣ ውሉንና ስሊፑን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ሒሳብ ክፍል ግቡ፤ የሦስት ወር ስሊፕ ካላችሁ እሱንም ጨምሩ።