ለፖድካስታችሁ ስም ከማውጣታችሁ በፊት

አንዲት ወጣት «የታሪክ ትረካ ፖድካስት ልጀምር ነው፤ ስሙን "ሐውልት" ብለውስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ቃሉ ያምራል፤ ችግሩ የሚጀምረው ሰሚው ስልኩን አውጥቶ ሲፈልገው ነው። አንዱ «ሐውልት» ይላል፣ ሌላው «ሀውልት»፣ ሦስተኛው «ሃውልት»። ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ መፈለጊያው አንድ አድርጎ እንዲያያቸው ካልተሠራ በቀር አያገናኛቸውም። በላቲን ሲጻፍማ ይብሳል፦ hawult፣ hawilt፣ hawelt። አጻጻፉን ያገኘውም ሰው ከዜናና ከጉብኝት ቪዲዮ ጋር ይጋፋል፤ ቃሉ የሁሉም ነውና። የዛሬ ልጆች አንድ ቃል ብቻውን ግርማ ያለው ይመስላችኋል። ለሽፋን ሥዕል እውነት ነው፣ ለፍለጋ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰ፣ ሠ፣ አ፣ ዐ፣ ጸ እና ፀ ከስሙ ቢርቁ ይመረጣል። ሁለት የታወቁ ቃላት ውሰዱ፣ ግን አብረው የማይሄዱ ይሁኑ። ለልጅቷ ያቀረብኩላት «የድንጋይ ወሬ» ነበር። ከሐውልቱ ሐሳብ አልራቀም፣ ሁለቱንም ቃል ማንም አይስትም፣ ጎን ለጎን ሆነው ግን እምብዛም አይገኙም። ከኋላው ይዘቱን የሚናገር ሐረግ ይከተል፦ «የድንጋይ ወሬ፦ የታሪክ ትረካ»። ልዩው ስም ይቅደም፤ የስልክ ስክሪን ረጅም ርዕስ ከመጨረሻው ይቆርጣልና። «ታሪክ፣ ጥንት፣ ጦርነት፣ ንጉሥ» እያሉ ቃል መደርደር ግን ይቅር፤ አፕል ፖድካስትስ በዚህ ምክንያት ፖድካስትን ውድቅ ሊያደርግ ይችላል።

ከዚያ ስሙን ለአምስት ሰው በስልክ ንገሩና ጽፈው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ ፊደሉን ግን አትንገሯቸው። ሁለቱ ከእናንተ የተለየ ከጻፉ ስሙን ጣሉት። አምስቱም ከተስማሙ በስፖቲፋይ፣ በአፕል ፖድካስትስና በዩቲዩብ ፈልጉት፤ ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ አትከራከሩ።

የክፍሎቹ ርዕስ ከዋናው ስም ባልተናነሰ ይፈለጋል። «ክፍል 7፦ የመጨረሻዋ ሌሊት» የሚለውን ማን ይፈልገዋል? «የቁስጥንጥንያ ውድቀት፣ 1453» በሉት፤ በመግለጫው ውስጥ ደግሞ «ኮንስታንቲኖፕል» እና «ኢስታንቡል» የሚሉት ይግቡ። ከላይ አወዛጋቢ ፊደል ሽሹ ብያለሁ፤ እዚህ ግን መሸሽ አይቻልም፣ የታሪክ ስሞች በእነሱ የተሞሉ ናቸው። አንዱን አጻጻፍ በርዕሱ፣ ሌላውን በመግለጫው አድርጉ።

ስሙን ዘግይታችሁ መቀየር ካስፈለጋችሁ ርዕሱን ብቻ ለውጡ፣ መተግበሪያዎቹ አዲስ ክፍል የሚያመጡበትን የአርኤስኤስ አድራሻ አትንኩ። አዲስ አድራሻ ከፍታችሁ የድሮውን ብትዘጉት ተከታዮቻችሁ እዚያው ይቀራሉ፤ አዲሱ ክፍል አይደርሳቸውም።