ሽማግሌ ሳይላክ የሚለጠፍ ፎቶ

«ፍቅረኛዬ የሁለታችንን ፎቶ ፌስቡክ ላይ እየለጠፈ ስሜን ያያይዝበታል። ሽማግሌ ገና አልላከም፤ አባቴም አያውቅም። እርሱ ግን የሚያዩት ጓደኞቼ ብቻ ናቸው ይለኛል። እንዴት እንስማማ?»

እህቴ፣ እርሱ አልዋሸሽም፤ ግን ተሳስቷል። ለጓደኞቹ ብቻ ብሎ የለጠፈው ፎቶ ላይ ስምሽን ሲያያይዝ፣ አስቀድሞ ካልከለከለው በስተቀር የአንቺም ጓደኞች ሊያዩት ይችላሉ። አክስትሽ እርሱን ጭራሽ ባታውቀውም ፎቶው ይደርሳታል። አባትሽም ከሽማግሌዎች አፍ መስማት የሚገባውን ነገር ከዘመድ ስልክ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ የሚገቡት አስቀድሞ ቅር ወዳለው ቤት ነው።

ዛሬውኑ Settings ውስጥ Profile and tagging የሚለውን ከፍተሽ፣ ስምሽ የተያያዘበት ነገር አንቺ ሳትፈቅጂ ገጽሽ ላይ እንዳይወጣ አድርጊ። ይህ የሚጠብቀው ግን የአንቺን ገጽ ብቻ ነው፤ በእርሱ ገጽ ላይ ያለውን አይነካውም። ስለዚህ መነጋገሩ አይቀርላችሁም።

«አትለጥፍ» ብቻ ካልሽው አፈረችብኝ ብሎ ሊያዝን ይችላል። ይልቅ ገደቡን ከነምክንያቱ ንገሪው፦ ሽማግሌ ተልኮ እሺታ እስኪገኝ ድረስ የሁለታችሁ ፎቶ አይወጣም። እስካሁን የወጣውን መሰረዝ አያስፈልገውም፤ ስምሽን ያንሳና ተመልካቹን ወደ ራሱ ብቻ ይቀይረው። ከእሺታው በኋላም ሁለታችሁም አይታችሁ ያልፈቀዳችሁት ፎቶ ባይለጠፍ ጥሩ ነው። ጠባችሁ፣ ገንዘባችሁና የቤተሰብ ሕመም ግን ከሠርግ በኋላም ፈጽሞ መውጣት የለባቸውም ባይ ነኝ። ባልንጀሮቹ የሚያነሷችሁን ፎቶም አትርሱ፤ እነርሱን መንገር የእርሱ ድርሻ ነው።