ከዕጣው በፊት ሜዳውን ቁጠሩ

ውድ ልጆች፣

የቅዳሜና እሁድ የታዳጊዎች ውድድር ልታዘጋጁ መሆኑን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ጅማ ውስጥ የስፖርት መምህር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት የእንዲህ ዓይነት ውድድሮችን ፕሮግራም ሳወጣ ኖሬያለሁ። ስለ ዋንጫው፣ ስለ ማሊያውና ስለ ስፖንሰሩ የሚመክራችሁ አታጡም። እኔ የማወራችሁ ስለ ሜዳና ስለ ሰዓት ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከአጋሮ የመጡ ከ11 ዓመት በታች ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሁለተኛውን ከቀኑ 9 ሰዓት አድርጌባቸው ነበር። ለመድረስ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስተዋል። የያዙት ዳቦ 4 ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ቀትር ላይ ሳልፍ አጥሩ ሥር በቦርሳቸው ላይ ተኝተው አገኘኋቸው። አንዱ ታኬታውን እንኳ አላወለቀም። 9 ሰዓት ላይ ተቀስቅሰው ሲገቡ መሮጥ አቃታቸው። ያ ሽንፈት የእነሱ አልነበረም፤ የፕሮግራሙ ነበር። ፕሮግራሙን ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ስህተቴ የጀመረው ከቅደም ተከተሉ ነው። ቡድን መዘገብኩ፣ ዕጣ አወጣሁ፣ በመጨረሻ ጨዋታዎቹን ሰዓት ውስጥ ለመጠቅጠቅ ተቀመጥኩ። መሆን ያለበት ተገላቢጦሹ ነው። መጀመሪያ ሜዳው ስንት ሰዓት እንዳለው ይቆጠራል። ስንት ጨዋታ እንደሚቻል የሚነግራችሁ እሱ ነው።

እናንተ ከነገራችሁኝ ጋር የሚቀራረብ ምሳሌ ልውሰድ። ሁለት ሜዳ አለ፤ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ። ከ11 እና ከ13 ዓመት በታች 8፣ 8 ቡድን ተመዝግቧል፤ በ7፣ በ7 ተጫዋች በትንሹ ሜዳ ይጫወታሉ። ከ15 እና ከ17 ዓመት በታች 6፣ 6 ቡድን አለ፤ እነሱ በ11 ተጫዋች በትልቁ ሜዳ ነው። በድምሩ 28 ቡድን።

አሁን ሰዓቱን ቁጠሩ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። እሁድ ቅዳሴ ያላቸው ልጆች አሉና ከ3 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ። በሁለቱም ቀን ቀትር ላይ፣ ለዙሁር ሶላትና ለምሳ፣ ግማሽ ሰዓት ይቀነሳል። ጅማ ውስጥ ይህን ግማሽ ሰዓት ያልያዘ ፕሮግራም ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ዳኛውም አሰልጣኙም ለሶላት መሄዳቸው አይቀርም። ቅዳሜ 9 ሰዓት ተኩል፣ እሁድ 8 ሰዓት፣ ለአንድ ሜዳ በድምሩ 17 ሰዓት ተኩል ቀረ።

ቀጥሎ የአንድ ጨዋታ ተራ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 20 ደቂቃ በ20 ደቂቃ የሚጫወት ቡድን ሜዳውን የሚይዘው 40 ደቂቃ አይደለም። 5 ደቂቃ እረፍት አለ። አንዱ ቡድን ወጥቶ ሌላው እስኪገባ፣ ዳኛው የተጫዋች ዝርዝር እስኪያይ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ የትልልቆቹ ተራ 55 ደቂቃ ነው። ትንንሾቹ 15 በ15 ይጫወቱ፤ እረፍታቸውና መቀያየሪያቸው አጠር ስለሚል በድምሩ 40 ደቂቃ ያዙላቸው።

እንግዲህ እንደተለመደው በየዕድሜ ክልሉ ሁለት ምድብ፣ ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ እናድርግ ካላችሁ፣ ትንሹ ሜዳ 30 ጨዋታ ይደርሰዋል። በ40 ደቂቃ ስታባዙት 20 ሰዓት ይሆናል። ያለን 17 ተኩል ነው። አይገባም። ትልቁ ሜዳ 18 ጨዋታ ይደርሰዋል፤ 16 ሰዓት ተኩል። ይህ የገባ ይመስላል፤ ግን በሁለት ቀን ውስጥ የቀረችው አንድ ሰዓት ብቻ ናት። አንድ የግንቦት ዝናብ ይበላታል።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች ከመቀያየሪያው ደቂቃ ይቀንሳሉ። ተዉት። እሱ የሚቀነስ ነገር አይደለም፤ ብትጽፉትም ባትጽፉትም ይጠፋል። የሚቀነሰው ጨዋታ ነው። ግማሽ ፍጻሜውን አውጡትና የሁለቱ ምድብ አንደኞች በቀጥታ ለፍጻሜ ይገናኙ። ከአራቱም የዕድሜ ክልል ሁለት ሁለት ጨዋታ ይወድቃል፤ ከ48 ወደ 40 ትወርዳላችሁ።

አሰልጣኞች እንደሚቃወሙ አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ሁለተኛ የወጣ ቡድን ምን በደለ?» ብሎ የተሟገተኝ ወጣት አሰልጣኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ከሰዓቱም በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የስፔኑ ዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ በኺኾን ከተማ የምድባቸውን የመጨረሻ ጨዋታ ሲያደርጉ፣ አልጄሪያ የራሷን ጨዋታ ከአንድ ቀን በፊት ጨርሳ ነበር። ጀርመን 1 ለ 0 ብታሸንፍ ሁለቱም ያልፋሉ። ጎሉ በ10ኛው ደቂቃ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ኳሷን ወዲያና ወዲህ እያንከባለሉ ሰዓቱን ጨረሱት። አልጄሪያ ወደቀች። ከ1986ቱ ዓለም ዋንጫ ጀምሮ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በተመሳሳይ ሰዓት የሚደረጉት ለዚህ ነው።

ሦስት ቡድን ባለበት ምድብ ግን በተመሳሳይ ሰዓት ማድረግ አይቻልም፤ አንዱ ሁልጊዜ ቁጭ ብሎ ያያል። ከሦስቱ ሁለቱ የሚያልፉ ከሆነ፣ በመጨረሻው ጨዋታ የሚገናኙት ሁለት ቡድኖች ለሁለቱም የሚበቃ ውጤት ላይ ሊስማሙ ይችላሉ። የሚያልፈው አንድ ብቻ ሲሆን ግን ሁለቱን አንድ ላይ የሚያሳልፍ ውጤት የለም። ግማሽ ፍጻሜውን ስታወጡ ሰዓትም ታተርፋላችሁ፣ ይህንንም በር ትዘጋላችሁ።

በሦስት ቡድን ምድብ ሌላም የማደርገው ነገር አለ። በመጀመሪያው ጨዋታ የተሸነፈው ቀጣዩን እንዲጫወት አደርጋለሁ። ያሸነፈው ለመጨረሻው ይቆያል። እንዲህ ሲሆን የመጨረሻው ጨዋታ ብዙ ጊዜ ትርጉም ይኖረዋል። አቻ ከወጡ ማን ቀድሞ እንደሚጫወት በዕጣው ቀን ወስኑና ጻፉት፤ ሜዳ ላይ አትከራከሩበት። የሁለቱን ምድብ ጨዋታዎች ደግሞ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እያላችሁ አፈራርቋቸው። ማንም ቡድን ሁለት ተራ አከታትሎ አይጫወትም፤ በመካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ያርፋል።

ወደ ምሳሌው ልመለስ። አሁን ትልቁ ሜዳ 14 ጨዋታ አለው፤ 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ። ትንሹ 26 ጨዋታ አለው፤ 17 ሰዓት ከ20። ትንሹ አሁንም ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ትልቁ ግን ተንፍሷል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ትልቁን ሜዳ በወርዱ ለሁለት ክፈሉት። መሐሉ ላይ በኖራ መስመር አስምሩ፤ ተንቀሳቃሽ ጎል ከሌላችሁ እንጨት ትከሉ። ስድስት የትንንሽ ልጆች ጨዋታ እዚያ ያልቃል። ጎሉን ለማንሳት 20 ደቂቃ ያዙና 4 ሰዓት ከ20 ላይ ትልልቆቹ ይግቡ። ለትንሹ ሜዳ 20 ጨዋታ ብቻ ይቀረዋል፤ ከአራት ሰዓት በላይ ትርፍ አለው።

የአጋሮ ልጆች ነገር የሚፈታውም በዚህ ትርፍ ነው። ከሩቅ ለሚመጣ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ከ4 ሰዓት በኋላ ስጡት፤ ሁለተኛውን ከአንድ ወይም ከሁለት ተራ በኋላ አስከትሉ። የመጠበቂያ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ካለፈ ልጁ ይቀዘቅዛል፣ ይራባል። የጅሬንና የሄርማታ ልጆች ቤታቸው ደርሰው መመለስ ይችላሉና የጠዋቱን 2 ሰዓት ለእነሱ ስጡ። አንድ አሰልጣኝ ሁለት የዕድሜ ክልል ከያዘ ስሙን ከሁለቱም ቡድኖች ጎን ጻፉ። በሁለቱ ጨዋታዎቹ መካከል አንድ ባዶ ተራ ይኑር፤ በባጃጅ ከሜዳ ወደ ሜዳ የሚያልፍበት ነው።

ትልቁ ሜዳ ላይ የቀረውን ትርፍ አትበትኑት። አንድ ሙሉ ተራ እሁድ ከፍጻሜዎቹ በፊት ባዶ አድርጉት። በምሳሌያችን 8 ሰዓት ከ5 ላይ ይውላል። የእኛ የግንቦት ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ነውና ቦታው እዚያ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ሜዳው ይሆን አይሆን ለማወቅ ኳሷን ከደረታችሁ ከፍታ ጣሏት። በሁለቱ ጎሎች ፊትና በመሐል ሞክሩ። ካልነጠረችና እዚያው ከተቀመጠች ጠብቁ። ዝናብ ካልመጣ ደግሞ ባዶውን ተራ ለሌላ ጨዋታ አትስጡት። ጨዋታ ሊዘገይ ይችላል፤ ከተነገረው ሰዓት ቀድሞ ግን አይጀመርም። አንዴ ካስቀደማችሁ ያኔ ያልደረሰው ቡድን በፎርፌ ተሸነፈ ማለት ነው፣ ጥፋቱም የእናንተ ነው።

ሰዓት ከተገፋባችሁ ከአንድ ጨዋታ ላይ ደቂቃ አትቁረጡ። በዚያ ቀን በዚያ የዕድሜ ክልል የቀሩትን ሁሉ እኩል አሳጥሩ፤ 20ው 15 ይሁን። ይህን ደንብ ከውድድሩ በፊት ለሁሉም አሰልጣኝ አንብቡላቸው።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ፕሮግራሙን ኮምፒውተር ላይ ስትጽፉ «8:00» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። አንድ ጊዜ ጠዋት የምንጠብቀው ቡድን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ፣ ማሊያውን ለብሶ፣ እየዘፈነ መጣ። ወረቀቱ የፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ አሰልጣኙ ያነበበው በእኛ አቆጣጠር ነው። ልጆቹ ዘፈኑን ሲያቆሙ አይቻለሁ። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብላችሁ በፊደል ጻፉት።

በሁለቱም ቀን አንድ ሰው ሰዓትና እስክሪብቶ ይዞ እያንዳንዱ ሜዳ ዳር ይቀመጥ። ከተነገረው ሰዓት ጎን ጨዋታው በትክክል የተጀመረበትን ይጻፍ። ምናልባት የትንንሾቹ ተራ 40 ሳይሆን 44 ደቂቃ እንደወሰደ ታገኙ ይሆናል፤ በ13 ተራ ውስጥ ያቺ 4 ደቂቃ አንድ ሙሉ ጨዋታ ታህላለች። ወረቀቱን አስቀምጡልኝ፤ የሚመጣውን ዓመት ፕሮግራም ስታወጡ አብረን እናየዋለን።