ዓመት እስኪሞላ እንጠብቅ?

«ባለቤቴ 36 ዓመቷ ነው። ልጅ መሞከር ከጀመርን 8 ወር ሆነን። ዓመት እስኪሞላ እንጠብቅ? መጀመሪያስ ምን ይታያል? ደሴ ነን።»

አትጠብቁ፣ አሁኑኑ ሂዱ። ዓመት የሚጠበቀው ሴቷ ከ35 በታች ስትሆን ነው። ከ35 ጀምሮ 6 ወር ይበቃል፣ 40 ካለፋት ደግሞ ቶሎ መታየት ነው። የወር አበባዋ የሚዛባ ከሆነም ዕድሜዋ ምንም ይሁን አይጠበቅም።

አብራችሁ ሂዱ። እሷን ብቻ መላክ የኛ አገር ልማድ ነው፣ ግን ችግሩ ከወንዱም ሊሆን ይችላል።

ያንተ ቀላል ነው፤ የዘር ፈሳሽ ምርመራ። ከዚያ በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ትታቀባለህ።

ለእሷ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። እንቁላል መውጣቱን ለማየት ደግሞ ፕሮጄስትሮን የሚባል የደም ምርመራ አለ። ብዙዎች «በ21ኛው ቀን» ይላሉ፣ ያ ግን የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ለሚመጣላት ነው። በየ35 ቀኑ የሚመጣላት ሴት በ28ኛው ቀን ትስጥ፤ የሚቀጥለው የወር አበባ 7 ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ያለዚያ ውጤቱ በከንቱ ያስደነግጣል። የማህፀን ቱቦ መከፈቱ የሚታየው በቀለም በሚነሳ ኤክስሬይ ነው፣ የወር አበባዋ እንደቆመ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ የዘር ፈሳሽ ናሙናውን ቤቴ አዘጋጅቼ ከሐይቅ ደሴ በሚኒባስ አመጣሁት። መኪናው እስኪሞላ ስጠብቅ ከሁለት ሰዓት በላይ ሄደ። ውጤቱ «እንቅስቃሴው ደካማ ነው» አለ፣ እንቅልፍ አጣሁ። እዚያው ላቦራቶሪው ሰጥቼ ሲደገም ደህና ሆነ። ናሙናው በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፣ መቀዝቀዝም የለበትም። ስለዚህ እዚያው ስጥ።